ከሰው ጀርባ ያለውን ግርግር በፎቶሾፕ ማደብዘዝ፦ ጠርዝ ላይ የሚቀረው ጭጋግ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ደንበኛዬን ግቢ ውስጥ አቁሜ ሙሉ ቁመቷን አነሳኋት። የነበረኝ 18-55 ሌንስ ነው፣ 5.6 ላይ። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች፣ መኪኖችና ዛፎች ሁሉ ጥርት ብለው ወጡ። በ50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ የተነሳ እንዲመስል እሷን ለይቼ የቀረውን በ `Gaussian Blur` አደበዘዝኩት። ዙሪያዋን ግን ጭጋግ ከበባት፣ ተቆርጣ የተለጠፈችም መሰለች። ምን ላድርግ?

የሰፈር ስቱዲዮ፦ ስትመርጥ `Feather` ጨምርበት፣ ጠርዙ ይለሰልሳል። ደግሞ `Gaussian` ተወውና `Lens Blur` ተጠቀም። በቅጠሎቹ መሃል የሚያበራው ሰማይ እንደ እውነተኛ ሌንስ ክብ ክብ ሆኖ የሚወጣልህ በእሱ ነው።

ብርሃንና ጥላ፦ በ `Lens Blur` እስማማለሁ፤ `Feather` ግን ጭጋጉን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። ጭጋጉ የመጣው ከራሷ ከቀሚሷ ነው። ፎቶሾፕ ሲያደበዝዝ አጠገብ ያለውን ቀለም ሁሉ ስለሚቀላቅል የቀሚሱ ነጭ ወደ ጀርባው ፈሰሰ። ስለዚህ ከማደብዘዝህ በፊት እሷን ከጀርባው ላይ አጥፋት።

መጀመሪያ መርጠሃት በ `Ctrl+J` ለብቻዋ ሌየር ላይ አውጣት። ከዚያ የዋናውን ፎቶ ቅጂ ያዝ፣ `Ctrl` ይዘህ የእሷን ሌየር ትንሽ ምስል በመጫን ምርጫውን መልሰው፣ በ `Expand` ወደ 15 ፒክስል አስፋውና ቅጂው ላይ በ `Content-Aware` ሙላው። ሙሌቱ ባያምርም ግድ የለም፤ አብዛኛውን እሷ ትሸፍነዋለች፣ የቀረውም ይደበዝዛል። እግሯ ስር ብቻ ተጠንቀቅ። እዚያ ምንም ስለማይደበዝዝ ሙሌቱ ይታያል፣ ጥላዋንም ይበላዋል። በማስክ ዋናውን መሬት መልስለት።

የተለጠፈች ያስመሰላት ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉንም እኩል አደብዝዘሃል። እውነተኛ ሌንስ የቆመችበትን መሬት ጥርት አድርጎ ይተውና ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ ያደበዝዛል። `Channels` ውስጥ አዲስ ቻናል ክፈትና እግሯ ካረፈበት መስመር እስከ አድማሱ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀጥ ያለ ግራዲየንት ሳብ። ግቢው ሜዳ ከሆነ ሌንሱም መሬቱን የሚያደበዝዘው በዚሁ ልክ ነው። ከዚያ መሬት ላይ የቆመውን እያንዳንዱን ነገር መሬቱን በሚነካበት ቦታ ባለው ግራጫ ሙላው። መኪናው ጎማው ያረፈበትን ግራጫ እስከ ጣሪያው ይወስዳል፣ ሰውየውም ጫማው ያለበትን። ርቀት መገመት አይኖርብህም። ከእግሯ ወዲህ ያለው መሬትም ወደ ካሜራው ሲቀርብ ትንሽ ትንሽ ይንጣ።

`Lens Blur` ውስጥ በ `Source` ይህን ቻናል ምረጥ፣ `Blur Focal Distance` ዜሮ ይሁን።

ጠያቂ፦ `Radius` ስንት ላድርገው? ፎቶው 6000 በ4000 ነው፣ ከ5 ሜትር ገደማ ነው ያነሳኋት። ሴንሰሩ ኤፒኤስሲ ነው።

ብርሃንና ጥላ፦ ያ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ከ5 ሜትር ላይ በጣም ሩቅ ያለውን ነገር በዚህ ሴንሰር ወደ 36 ፒክስል ራዲየስ ያደበዝዘዋል። 36 አስገባ። 15 ሜትር ላይ የቆመ መኪና በግራጫው ምክንያት ራሱ ወደ 24 ይወርዳል፣ ከእሷ 2 ሜትር ኋላ ያለ ሰው ደግሞ 10 አካባቢ ይቀራል። ሰውየው ሰው መሆኑ ይለያል፤ ሙሉ ቁመት ሲነሳ 1.8ም ከዚህ በላይ አያደርግም። 80 እና 90 የሚያስገቡ ሰዎች ሥራ የሚያስታውቀው ለዚህ ነው። ፎቶውን በግማሽ ካሳነስከው 36ቱም 18 ይሆናል።

በመጨረሻ 100 ፐርሰንት አጉላና እይ። ፊቷ ላይ ኖይዝ ካለ ጀርባው ግን እንደ ፕላስቲክ ከለሰለሰ፣ `Lens Blur` ውስጥ ያለውን `Noise` ትንሽ ከፍ አድርገው።

ሐረግ፦ እኔ ደግሞ ስልኬ በፖርትሬት ሲያነሳኝ የመነጽሬን ክንድ አብሮ ያደበዝዘዋል። ለዚህስ መላ አላችሁ?

ብርሃንና ጥላ፦ እህቴ፣ ስልኩ ርቀቱን ሲገምት ቀጭን ነገር ያመልጠዋል። ያልደበዘዘው ዋናው ፎቶ ከተቀመጠልሽ እሱን ከታች አድርጊና ክንዱን ብቻ በማስክ አውጪው።

ጠያቂ፦ ጭጋጉ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ መሬቱም ተስተካከለ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የቸገረኝ ነጠላዋ ነው። ስስ ስለሆነ ከኋላ ያለው መኪና በውስጡ ጥርት ብሎ ይታያል።

የሰፈር ስቱዲዮ፦ የነጠላውን ማስክ ወደ 60 ፐርሰንት ግራጫ አድርገው፣ የደበዘዘው ከታች ይታይልሃል።

ብርሃንና ጥላ፦ እንደዚያ ሲሆን የነጠላው ሽመናም አብሮ ይሳሳል፣ የጥርቱ መኪና መስመርም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እኔ መኪናው የሚታይበትን ቦታ ብቻ ከሌላው የነጠላው ክፍል በክሎን ስታምፕ እሸፍነዋለሁ። ጥለቱ አጠገብ ግን ይህም አስቸጋሪ ነው፤ የተሻለ መንገድ ያለው ካለ ይጻፍልን።