የቀድሞ እጮኛዬ ፌስቡክ ላይ ያሉ ፎቶዎቼን ያለ ጠብ እንዴት ላስነሳ?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቀድሞ እጮኛዬ ጋር የተለያየነው በሰላም ነው፤ ቤተሰቦቻችን አሁንም አንድ ማኅበር ይጠጣሉ።

ፌስቡኩ ላይ አብረን የተነሳናቸው ፎቶዎች ለሁሉም ክፍት ሆነው አሉ፤ አንኮበር የተነሳናቸውም ጭምር። ነውር የለባቸውም። ግን በቅርቡ ሽማግሌ ሊላክልኝ ነው፤ የሰው ወሬ ደግሞ ይታወቃል።

ታጉን አነሳሁ። ከእኔ ገጽ ጠፋ፣ እሱ ገጽ ላይ ግን እንዳለ ነው። ሪፖርት ሳደርግ ደንብ አይጥስም የሚል መልስ መጣ። ብሎክ ባደርገው ደግሞ እኔ አላየውም እንጂ ሌላው ሰው ያየዋል። ለግላዊነት ጥሰት ማመልከቻ የሚሆን ሌላ ቅጽ አለ። ማን እንዳመለከተ ባይነገረውም፣ ፎቶው ላይ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ማወቁ አይቀርም። በእህቱ በኩል እንዳላስነግር ነገሩ እናቶቻችን ጆሮ ይደርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለራሱ በውስጥ መስመር ልጽፍለት ነው። የፎቶዎቹን ሊንክ ልኬ እንዲያጠፋቸው፣ ማጥፋት ካልፈለገም «እኔ ብቻ» ወደሚለው እንዲቀይራቸው እጠይቀዋለሁ። ቅጹን የምሞላው እምቢ ካለ ነው።

እንዲህ አድርጋችሁ የተሳካላችሁ፣ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን ልንገረው ወይስ ምክንያት ሳልጠቅስ ጥያቄዬን ብቻ ላቅርብ?