አዲስ ምክትል ርዕሰ መምህር የግል ሲፒዲ ዕቅድ ሲያወጣ፦ ግቡ ምን ይሁን፣ ማስረጃውስ?

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ
ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ የመማር ማስተማር ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ተመድቤያለሁ። በሲፒዲ ዕቅዴ ላይ ሰባት ግብ ሞልቼ ባቀርብ ሱፐርቫይዘራችን «ይሄ የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ነው፤ ያንተ የታለ?» ብለው መለሱልኝ። የመጀመሪያው ግቤ «የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል» ይላል። ምን ብዬ ላስተካክለው? ማስረጃ ተብሎስ ምን ይያያዛል?

የሒሳብ መምህር
ብዙ አትጨነቅ ወንድሜ። የሥልጠና ሰርተፊኬት፣ የስብሰባ አቴንዳንስ፣ ቃለ ጉባኤና ፎቶ በፖርትፎሊዮው ውስጥ በቅደም ተከተል አድርግ። ቀንና ፊርማ ግን አይጉደል፤ የሚያስመልሰው እሱ ነው።

የትምህርት ቤት መሻሻል ኮሚቴ ጸሐፊ
ግቦቹን በአራቱ ርዕሶች ብትከፍላቸው ጥሩ ነው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ያኔ ሙሉ ይሆናል።

የጉድኝት ሱፐርቫይዘር
አራቱ ርዕሶች የትምህርት ቤቱ መሻሻል ዕቅድ ናቸው፤ እዚህ ካስገባሃቸው ያው የተመለሰው ነገር ይደገማል። የግል ዕቅድ የሚጠይቀው አንተ ዛሬ የማትችለውን፣ ሰኔ ላይ ግን የምትችለውን ነው። የተማሪ ውጤት ደግሞ ብዙ ሰው የሚሠራበት ስለሆነ ቢጨምርም ባይጨምርም የአንተን ችሎታ አያሳይም። ሰባቱን ወደ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አውርዳቸው።

አንዱን ልሥራልህ። አዲስ ምክትል ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ከክፍል ምልከታ በኋላ ለመምህሩ ግብረ መልስ ሲሰጥ ነው። መጀመሪያ ክፍተቱን በማስረጃ አሳይ። ጥቅምት ውስጥ ሁለት ክፍል ታዘብና ቅጹ ላይ «መሻሻል ያለበት» በሚለው ቦታ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። «የተማሪ ተሳትፎ ይሻሻል» ብለህ ከሆነ መምህሩ ነገ ክፍል ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «ከጠየቅካቸው 14 ጥያቄዎች 11ዱን የመለሱት የፊት ረድፍ ተማሪዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከኋላ ሦስት ተማሪ በስም ጥራ» ቢል ግን ይሠራበታል። ስለዚህ ግቡ እንዲህ ይጻፋል፦ «እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ለሦስት መምህራን ክፍል ውስጥ በታየ ነገር ላይ የተመሠረተና ቀጣዩን እርምጃ የሚጠቁም ግብረ መልስ መስጠት እችላለሁ።»

ተግባሩ፦ ሦስቱን መምህራን ሁለት ሁለት ጊዜ ታዘብ። 10 ደቂቃ ቅድመ ውይይት፣ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ 20 ደቂቃ ድኅረ ውይይት ብትይዝ ስድስቱ ምልከታ 7 ሰዓት ይፈጃል። ከድኅረ ውይይቶቹ ሁለቱ ላይ አማካሪህ ይቀመጥና አንተን ይታዘብ። ይቺ ክፍል ከዕቅዱ ስትቀር ማንም አያያትም፤ እሷ ከሌለች ግን የምትታዘበው መምህሩን ብቻ ነው፣ ራስህን የሚያይልህ የለም። የመጀመሪያውን ዙር ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሁለተኛውን የካቲትና መጋቢት አድርገው። ጥር ፈተናና ውጤት ማጠናቀር ስለሚበዛበት ባትነካው ይሻላል።

ማስረጃው አራት ወረቀት ነው፦ የጥቅምቱ ቅጽ፣ የመጋቢቱ ቅጽ፣ የአማካሪህ ማስታወሻ፣ አንተ ምን እንደተለወጠ የጻፍከው ግማሽ ገጽ። ሁለቱ ቅጾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለውጡ ካልታየ ግቡ አልተሳካም፤ እሱንም ጻፈው። ከላይ መምህሩ ስለ ቀንና ፊርማ ያሉት ልክ ነው፤ አቴንዳንስና ፎቶ ግን መገኘትህን እንጂ መቻልህን አያሳዩም። ስድስቱ ቅጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ፍጥነት ሰኔ ላይ ከተሞላ ደግሞ ገምጋሚ ሁሉ ያውቀዋል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛው ግቤ መምህር ሲቀር ክፍለ ጊዜውን መሸፈን ነበር። ይቆይ?

የጉድኝት ሱፐርቫይዘር
መሸፈኑ የዕለት ሥራህ ነው። የመርሐ ግብር አወጣጥ ካልቻልክ ግን እሱ ግብ ይሆናል።

ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ ፒያሳ
አንድ ነገር ልጠይቅ። ምልከታው በሥራ መዘርዝራችን ውስጥ ያለ ነው። 7ቱ ሰዓት ከዓመቱ 60 የሲፒዲ ሰዓት ላይ ይቆጠራል? እኛ ጋ ርዕሰ መምህሩ «ለሥራህ ሁለት ጊዜ አትቆጥርም» ይላሉ።

የጉድኝት ሱፐርቫይዘር
እኔ እቆጥራለሁ፤ አማካሪ ያየውንና የጽሑፍ ግምገማ ያለበትን ብቻ ነው ግን። ተራ ምልከታውን አልቆጥርም።

የሒሳብ መምህር
ከሆነማ የመምህሩ ሰዓትስ? ድኅረ ውይይቱ ላይ እሱም 20 ደቂቃ ተቀምጧል።

ምክትል ርዕሰ መምህርት፣ ፒያሳ
እሱን እኛም አልተስማማንበትም። ለጊዜው በሁለቱም ፖርትፎሊዮ ውስጥ ኮፒውን እያስገባን ነው።