መጋዘኔ ሌሊት ተቃጠለ፤ ለኢንሹራንሱ ዛሬ ምን ብዬ ልጻፍ?

የገላኑ፦ ወገን፣ ቶሎ መልሱልኝ። ገላን ያለው መጋዘኔ ሌሊት ነደደ። ዳይፐር፣ ሳሙናና ዘይት ነበረበት። ጣሪያው ግማሹ ተከፍቷል፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ኢንሹራንሱ ጋ ብደውል የሚያነሳ የለም፣ እሁድ ነው። ስንት እንደወደመ አላውቅም። ሳላውቅ ምን ብዬ ነው የማሳውቀው? አከራዬ ደግሞ ፍርስራሹን ዛሬውኑ ጥረግልኝ እያለኝ ነው።

ቀልደኛው፦ አይዞህ ወንድሜ። ዘይቱ ከተረፈ ሽንኩርቱን እኛ ይዘን እንመጣለን።

ጋሽ መርካቶ፦ እኛ እኮ ሁሌ ስንመክር የሚሰማ የለም። ስቶክ ካርድ ያልያዘ ነጋዴ ኢንሹራንስ ገባ አይባልም። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በየቀኑ መመዝገብ ነበረበት። መዝገቡም እዚያው መጋዘን ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የዛሬ ልጆች ሁሉን በስልክ ይዘው ስልኩ ሲጠፋ ይጮሃሉ።

የገላኑ፦ ጋሼ፣ መዝገቡ ቢሮ ነው፣ አልተቃጠለም። አሁን የቸገረኝ ደብዳቤው ነው።

ሹፌር ነኝ፦ እኔ መኪናዬ ሲጋጭ ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ ምንም አትነካኩ ተብዬ ነበር። አንተም አንዲት ካርቶን እንዳታንቀሳቅስ። ጉዳቱን ለመገመት ኢንሹራንሱ የሚልከው ሰርቬየር ሳያይ ከነካካህ አለቀልህ።

እሙ ናሆም፦ የገላኑ ልጄ፣ ኢንሹራንስ ውስጥ ክሌም ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልገላግልህ። የመጀመሪያው ማሳወቂያ የብር ሂሳብ አይደለም። «የጉዳቱ መጠን ገና እየተቆጠረ ነው» ብለህ ላከው። ብዙ የእሳት ኢንሹራንስ ውሎች፣ ፖሊሲ የምንላቸው ላይ ሁለት ነገር ለየብቻ ተጽፏል። ማሳወቁ ወዲያውኑ ነው፣ ዝርዝር ሂሳቡ ደግሞ በቀናት ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ 15 ቀን። ያንተው ፖሊሲ ላይ «የጉዳት ሁኔታ» ከሚለው ስር ስንት ቀን እንደተጻፈ እየው። ዛሬ ስልክ ባይነሳም በኢሜይል ላክ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ታትሞ በመዝገብ ቤት ማህተም ተመትቶበት ቅጂው እጅህ ይግባ። የደወልክበትን የስልክ መዝገብ ስክሪንሾት አድርገህ አስቀምጥ።

አሁን ሰዓቱን ንገረኝ። ማን አየ፣ ስንት ሰዓት፣ አንተ መቼ ሰማህ?

የገላኑ፦ ጥበቃው ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 ላይ ጭስ አየ። ለኔ 8 ከ25 ደወለልኝ። እሳት አደጋ 9 ከ5 ደረሱ፣ 11 ተኩል ላይ ጠፋ። የኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው፣ ጥበቃው ብልጭታ አይቷል።

እሙ ናሆም፦ እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ቅዳሜ ሌሊት» ያልከው ነው። የሚያነበው ሰው ዓርብ ለቅዳሜ ነው ወይስ ቅዳሜ ለእሁድ ብሎ ይጠይቅሃል። ፖሊሲው ደግሞ በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ «2 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። እሱ የኛን ማታ 2 ሰዓት ማለቱ ነበር፣ እነሱ የፈረንጅ ሌሊት 2 ሰዓት አድርገው አነበቡት። የጥበቃው ቃል ሌላ፣ የእሳት አደጋው ደብዳቤ ሌላ ሆነና ለአንድ ፊርማ ሁለት ወር ተንገላታ። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍ፤ «ቅዳሜ ሐምሌ 5 ለእሁድ ሐምሌ 6 ቀን 2017 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ገደማ፣ በፈረንጅ ጁላይ 13 ቀን 2025፣ 02:10»። እሳቱ የታየበትን እና አንተ የሰማህበትን ለይ። ዘገየህ ቢሉህ የሚቆጠረው ከሰማህበት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ 8 ከ25ን አትተው።

ሁለተኛው ወጥመድ «ኮንታክት ነው» ማለትህ ነው። አንተ አላየህም። ጥበቃውም ብልጭታ እንጂ መንስኤ አላየም። «መንስኤው በፖሊስ እየተጣራ ነው፤ ጥበቃው ከሰሜኑ ግድግዳ በኩል ብልጭታ ማየቱን ነግሮኛል» በል። ነገ ሌላ መንስኤ ቢገኝ የምትፋለመው ከራስህ ደብዳቤ ጋር ነው።

አዲስ ነጋዴ፦ ግምቱን ግን ከፍ አድርጎ መጻፍ ነው የሚሻለው። እነሱ እንደሆነ መቀነሳቸው አይቀርም።

እሙ ናሆም፦ ይሄ ነው ሰውን የሚያስከስሰው። ሰርቬየሩ የመጋዘን መዝገብህን ከገዛህበት ደረሰኝና ከግብር ዲክላሬሽንህ ጋር ያያይዘዋል። ለገቢዎች ትንሽ፣ ለኢንሹራንስ ትልቅ ከሆነ የተቃጠለውም እውነተኛ ዕቃ አብሮ ይጠረጠራል።

ጋሽ መርካቶ፦ እኔም ያልኩት ይኸን ነው። ስቶክ ካርድ!

ሹፌር ነኝ፦ እና አትንካ ማለቴ ትክክል ነበር ወይስ አይደለም?

እሙ ናሆም፦ ግማሹ ትክክል ነው። እሳቱ የተነሳበት የሚመስለውን ጥግ፣ ገመዱንም ቆጣሪውንም አትንኩ። የቀረውን ግን ዝም ብሎ እያዩ ዝናብ ማስመታት ውሉን መጣስ ነው። በኋላ የደረሰውን የውሃ ጉዳት አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ። በተለይ ዳይፐር። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካርቶኑን ይቀደዋል፣ ከታች ያለው ሲለሰልስ ክምሩ በሙሉ ይደረመሳል። ከላይ ያለው ደረቁም አብሮ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ይገባል።

ፖሊስ ካሸገው ፈቃድ ጠይቅ። መብራት መቋረጡን በባለሙያ ሳታረጋግጥ ሰው አታስገባ። ከዚያ በየረድፉ ፎቶና ቪዲዮ አንሳ፣ ቁጠር፣ ደረቁን ወደ ደህናው ጎን አውጣ፣ የጣሪያውን ቀዳዳ በሸራ ሸፍን። የእሳት አደጋዎቹ ሄደውም ካርቶን ውስጥ ውስጡን ይጨሳል፣ ማታ ጥበቃ አቁም። ለሸራው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለአይሱዙው ደረሰኝ ያዝ። ተገቢ ወጪ ከሆነ ልትጠይቀው ትችላለህ። የተቃጠለውን አታስጥል። አከራይህን «ሰርቬየር ሳያይ አላነሳም» ብለህ በጽሑፍ መልስለትና ቅጂውን ለኢንሹራንሱ አያይዝ።

ዘይቱ ውጪው ደህና ቢመስልም ሙቀት ነክቶታል። አትሽጥ፣ ለማንም አታድል። ሽንኩርት የያዛችሁ ተመለሱ።

ቀልደኛው፦ እትዬ፣ መመለስ ላይ ነን።

እሙ ናሆም፦ ደብዳቤው ላይ ያደረግኸውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፍ። «እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሸራ ተዘረጋ፤ 240 ካርቶን ደረቅ ሳሙና ወደ ምሥራቁ ጎን ተለየ፤ ቦታውን ለማየት ሰርቬየር በአስቸኳይ ይላክ» በል። ቁጥሩን ያንተ አድርገው።

አዲስ ነጋዴ፦ ቆይ፣ ፖሊሲው የማን ነው? ያንተ ወይስ የአከራዩ? አከራዩ ካለው ሁሉንም ይሸፍናል ብዬ ነበር።

የገላኑ፦ የኔ ነው፣ ዕቃው ብቻ። ባንክ ያበደረኝ ነው ያስገባኝ።

እሙ ናሆም፦ የአከራዩ ፖሊሲ ብዙ ጊዜ ሕንፃውን እንጂ ያንተን ዕቃ አይሸፍንም። ባንኩ ፖሊሲው ላይ ስሙ ካለ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደሱ ሊሄድ ስለሚችል ለባንኩም ዛሬ ጻፍ። ሌላም ልጠይቅህ። ፖሊሲው ላይ ያለው አድራሻ ይኸው መጋዘን ነው?

የገላኑ፦ ... ሚያዝያ ላይ ነው ከቁጥር 3 ወደ ቁጥር 5 የተዛወርኩት። አንድ ግቢ ነው። ደላላው በስልክ እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነበር።

ሹፌር ነኝ፦ ኧረ!

እሙ ናሆም፦ ማሳወቂያውን ግን አታዘግይ። እሳቱ የነበረበትን ቁጥር 5 በትክክል ጻፍ፣ 3 ብለህ እንዳታሳስት። ከደላላው ጋር የተጻጻፍከውን ፈልግ፣ ቴሌግራምም ቢሆን። ይሸፍናል አይሸፍንም የሚለውን ውሉን ሳላይ አልልህም።

ጋሽ መርካቶ፦ በስልክ እነግራቸዋለሁ! እኔ ምን አልኩ?

የገላኑ፦ ኢሜይሉን 7 ሰዓት ተኩል ላይ ላክሁ። ሸራው ግማሹን ሸፈነ፣ ሌላ እየተፈለገ ነው። የደላላው ስልክ አይሠራም።