ጥቆማ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ያለ ማውስ ሊንክ የሚከፍት ኤክስቴንሽን የትኛው ነው?

ጠያቂዋ፣ ደሴ

ያ ጀመዓ፣ ጥቆማችሁን ፈልጌ ነው። ፒያሳ አካባቢ በጽሕፈትና ኅትመት ሥራ ላይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የደንበኞችን ቅጽ በኢንተርኔት እሞላለሁ፣ አብዛኛውም በአማርኛ ነው። የላፕቶፔ ታችፓድ መሥራት አቁሟል፤ ጠረጴዛው ደግሞ በወረቀት ስለሚሞላ ለማውስ ቦታ የለውም። f ሲጫኑ በየሊንኩ ላይ ፊደል የሚለጥፉ ኤክስቴንሽኖች እንዳሉ ሰምቼ ክሮም ላይ Vimium ጫንኩ። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ሲሆን በጣም ወድጄዋለሁ። ወደ አማርኛ ስቀይረው ግን f ብጫን ዝም ይላል። አንድ ሣጥን በሞላሁ ቁጥር ቋንቋ መቀያየር ሰልችቶኛል። Vimium C፣ Tridactyl እና Surfingkeys የሚባሉም አሉ። ለእኔ ሥራ የትኛው ይሆናል?

ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ አሁን ትንንሽ ገመድ አልባ ማውሶች አሉ እኮ። መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃቸዋል፤ ደብተር ላይም ይሠራሉ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ አንዱን መግዛት ይሻልሻል።

ጠያቂዋ፣ ደሴ

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ማውስ ቢኖረኝም እጄን ከኪቦርዱ ማንሣት አልፈልግም፤ ሥራውን የሚያዘገየው እሱ ነው።

ከወልድያ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ

አብሽሪ፣ ኤክስቴንሽን መቀየር አያስፈልግሽም። Vimium ሳይነገረው የሚያየው የተጫንሽው ቁልፍ ያወጣውን ፊደል ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሲሆን ከዚያ ቁልፍ የሚደርሰው ፍ ነው፤ f አይደለም። ለፍ የተሰጠ ትእዛዝ ስለሌለ ምንም አይፈጠርም። ብሮውዘሩ ግን ከፊደሉ ጋር የቁልፉንም ቦታ ይነግረዋል፤ የf ቁልፍ በየትኛውም ቋንቋ KeyF ነው። Vimium ፊደሉን ትቶ ቦታውን እንዲያነብ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ኪቦርዱን እንግሊዝኛ ላይ አድርገሽ `?` ተጫኚ፤ ከሚከፈተው መስኮት `Options` ግቢ፤ ወደ ታች ወርደሽ `Ignore keyboard layout` የሚለው ላይ ምልክት አድርጊና ለውጡን አስቀምጪ። ቀድመው የተከፈቱትን ገጾች አንድ ጊዜ አድሺያቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅጽ እንዲህ ትሞያለሽ። ገጹ ሲከፈት `gi` ስትጫኚ ወደ መጀመሪያው የጽሑፍ ሣጥን ይወስድሻል። ሣጥን ውስጥ ስትሆኚ Vimium ራሱ ገለል ስለሚል አማርኛሽን እንደ ልማድሽ ጻፊ። በTab ወደሚቀጥለው ሣጥን እለፊ። ስትጨርሺ Esc፣ ከዚያ f፤ በመላኪያው ቁልፍ ላይ የወጡትን ፊደላት ጻፊና አለቀ። ኪቦርዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አማርኛ ላይ ይቆያል። በሊንኮቹ ላይ የሚወጡት ምልክቶች የላቲን ፊደል እንደሆኑ ይቀራሉ፤ አንቺ የምትጫኚው ያ ፊደል የተጻፈበትን ቁልፍ ነው። Vimium ለምልክት የሚጠቀመው 14 ፊደላትን ስለሆነና የሚቆጥረውም በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ፊደል ይበቃል፤ ሁለት ፊደል እስከ 196 ሊንክ ይሸፍናል።

Vimium Cም ይህ ምርጫ አለው። የሚበልጥበት አንድ ነገር፣ በፕሮግራም ብቻ ተጫኝ የተደረጉ፣ በገጹ አሠራር ግን ሊንክም ቁልፍም ያልሆኑ ነገሮችን አድኖ ምልክት መስጠቱ ነው። የምትሞያቸው ቅጾች ላይ f ብለሽ መላኪያው ያለ ምልክት ከቀረ፣ ያን ጊዜ ወደሱ ተሻገሪ። እስከዚያ ግን አያስፈልግሽም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደሴ

እኔ Surfingkeys እላለሁ። ምልክቶቹን በግራ እጅ ከሚደረስባቸው ፊደላት ነው የሚያወጣው፤ ሁሉንም ነገር ደግሞ በጃቫስክሪፕት ማስተካከል ይቻላል። ለምልክት የሚሆኑትን ፊደላት በዚህ ትወስኛለሽ፦

```
api.Hints.setCharacters('asdfgqwert')
```

እንግዲህ በቦታቸው ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ ብታስገቢስ? ምልክቱ ራሱ በፊደላችን ይሆናል፤ ቋንቋ መቀየርም ይቀራል።

ከወልድያ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ፊደላቱን መለወጥ መቻሉም እውነት ነው። ነገር ግን «መ»ን ለመጻፍ እኛ ሁለት ቁልፍ እንጫናለን፤ መጀመሪያ ም ይወጣል፣ አናባቢው ሲጨመር መ ይሆናል። ኤክስቴንሽኑ የሚያዳምጠው እያንዳንዱን የቁልፍ ምት ነው እንጂ ተዋሕዶ የሚወጣውን ፊደል አይደለም። ስለዚህ መ የሚል ምልክት አንድም ጊዜ አይደርሰውም። ቢሠራ ሊሠራ የሚችለው በሳድስ ብቻ ነው፤ ስ፣ ድ፣ ፍ፣ ግ። እሱም ቢሆን የምትጽፍበት መሣሪያ ፊደሉን ወዲያው ካሳለፈ ነው። ለጠያቂዋ ይህን አልመክርም፤ አንድ ምልክት ማድረግ ይቀላታል።

ከሐይቅ

ልጆቼ፣ እኔ በእጅ አንጓ ሕመም ምክንያት ማውስ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ድሮ በፋየርፎክስ Vimperator ነበር የምጠቀመው፤ በ2017 ፋየርፎክስ 57 ሲመጣ የቆዩት ኤክስቴንሽኖች ሁሉ መሥራት ሲያቆሙ እሱም አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ Tridactyl ነው። እሱም በክሮም አይገኝም፤ የፋየርፎክስ ብቻ ነው። ሊንኮቹን በቁጥር አድርጎ፣ የሊንኩን ስም በመጻፍ መለየትም ይቻላል ይሉኛል። ያ አይሻልም?

ከወልድያ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ

ጋሼ፣ ስም እየጻፉ መለየት በVimiumም አለ፤ ለእንግሊዝኛ ገጽ ግሩም ነው። በአማርኛ ገጽ ግን ይሰናከላል። ቁልፎቹ በቦታቸው እንዲነበቡ ካደረግን የሚገባው የላቲን ፊደል ነው፤ ሊንኩ ደግሞ «ማመልከቻ» ይላል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ቁጥሩን መጫን ብቻ ይቀርልዎታል። በTridactyl የቁልፍ ቦታውን የሚያስነብበው ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
:set keyboardlayoutforce true
```

ይህን ሲጽፉ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ይሁን፤ በአማርኛ ሁለት ነጥቡ ፡ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ከኮምቦልቻ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ነገር ሲጫን «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃል። የሰው መታወቂያ ቁጥር በሚሞላበት ኮምፒውተር ላይ ይህ አያሳስብም?

ከወልድያ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ

ያሳስባል፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ገጹን ሳያነብ ምልክት መለጠፍ ስለማይችል ፈቃዱን አራቱም ይጠይቃሉ። የአራቱም ኮድ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስሙን ብቻ አይታችሁ ግን አትጫኑ፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሊሆን ስለሚችል የአዘጋጁን ገጽ ተከትላችሁ ግቡ። በባንክ ገጽ ላይ እንዲሠራ ካልፈለግሽ ደግሞ በኤክስቴንሽኑ ምርጫዎች ውስጥ ያንን አድራሻ ከልክዪው። ቁልፎቹ በዚያ ገጽ ላይ አይሠሩም፤ የሰጠሽው ፈቃድ ግን አይሰረዝም። ለሱ በክሮም የኤክስቴንሽን ገጽ ላይ የጣቢያ ፈቃዱን ማጥበብ ያስፈልጋል።

ጠያቂዋ፣ ደሴ

ሠራ! ቅጹን ከላይ እስከ ታች ቋንቋ ሳልቀይር ሞላሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጂሜይል ላይ f ምንም አያደርግም። የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያንኑ ምልክት አድርጌ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ የመጀመሪያው f ይዋጣል። እሷ የምትጽፍበት የአማርኛ መሣሪያ ከእኔ የተለየ ነው።

ከወልድያ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ

ጂሜይል የራሱ የቁልፍ ትእዛዞች ስላሉት Vimium ገና ሲጫን ጀምሮ ከዝርዝሩ አውጥቶታል፤ ከፈለግሽ ከተከለከሉት አድራሻዎች መካከል አጥፊው። የክሮም የራሱ ማስተካከያ ገጾችና የኤክስቴንሽን መደብሩ ላይ ግን ምንም ብታደርጊ አይሠራም፤ ብሮውዘሩ አይፈቅድም።

ለባልደረባሽ፣ Vimium ራሱ fን እንዳይወስደው ለጊዜው አጥፊውና ማንኛውንም ተራ ገጽ ክፈቺ፣ F12 ተጫኚ፣ `Console` ውስጥ ይህን በእጅሽ ጽፈሽ አስገቢ፦

```
addEventListener("keydown", e => document.title = e.key + " " + e.code)
```

F12 ዝጊና ኪቦርዱን አማርኛ አድርገሽ f ተጫኚ። ውጤቱ በታቡ ርዕስ ላይ ይወጣል። «ፍ KeyF» ካለ ምልክቱ ይበቃታል። ርዕሱ ካልተለወጠ መሣሪያው ቁልፉን ለራሱ አስቀርቶታል፤ ለዚያ ከኤክስቴንሽኑ በኩል መድኃኒት የለም፣ የአማርኛ መጻፊያውን መለወጥ ነው።

ጠያቂዋ፣ ደሴ

ሞከርኩት። «Process KeyF» ይላል፤ ከነገርኸኝ ከሁለቱም አይደለም።

ከወልድያ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ

ይህ መካከለኛው ነው። ቦታው ደርሷል፤ ፊደሉን ግን መሣሪያው ገና እያዋሐደው ነው። f ከመጫኗ በፊት Esc ሁለት ጊዜ ትጫን፤ የመጀመሪያው የተንጠለጠለውን ፊደል ይዘጋል፣ ሁለተኛው ከሣጥኑ ያስወጣል። ያም ካልረዳ እኔ ዘንድ ሌላ መልስ የለም። በእንዲህ ያለ መሣሪያ Vimium Cን የሞከረ ካለ ቢነግረን ደስ ይለኛል።