በዕረፍት ሰዓት ለሚደርስ ጉዳት የትምህርት ቤት ኃላፊነት፦ የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ

የኅብረቱ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለትምህርት ቤቶቹ ቦርዶችና ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው ሐሳብ ቁጥር ሦስት ላይ ቆሟል። ረቂቁ «ተማሪ በዕረፍት ሰዓት ቢጎዳና በቦታው መምህር ካልነበረ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ኃላፊ ነው» ይላል። ሁላችንም ስለ አንድ ነገር እንድንነጋገር አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የ9 ዓመት ልጅ በ20 ደቂቃው የረፋድ ዕረፍት ከግንባታ በተረፈ የፌሮ ክምር ላይ ወጥቶ ሲጫወት የክፍል ጓደኛው ገፍቶት ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ክምሩ ከግቢው ጥግ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ተረኞቹ ሁለት መምህራን ደግሞ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ተጠርተው ነበር። ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው ወይስ አይደለም? ከሆነስ በምን ምክንያት?

አቶ በላይ፦ እኔ እንደማውቀው ልጅ በትምህርት ቤት ሳለ አባቱን የሚተካው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ፣ ጥፋት መኖር አለመኖሩ ሳይጠየቅ ካሳውን መክፈል አለበት። የተገፋውም የገፋውም ሕፃናት ስለሆኑ ጥፋተኛ ሊባሉ አይችሉም። ስለዚህ ረቂቁ እንዳለ ይቅረብ።

የማክዳ እናት፦ አቶ በላይ ያሉት ከፊሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ መንገዶችን አንድ ስላደረገ በጥብቅና ሥራዬ ያየሁትን ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በሌላ ላይ ላደረሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ልጁ በሌላ ሰው ወይም ድርጅት ጥበቃ ሥር ሳለ ኃላፊነቱ ወደ ጠባቂው የሚዞርበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ይህ መንገድ የሚያገለግለው ገፊው ልጅ ኃላፊ የሚያደርግ ሥራ ሠርቷል ሲባል ነው። ልጁ ማንም ሳይነካው ተንሸራትቶ ቢወድቅ ግን በዚህ መንገድ ካሳ መጠየቅ አይቻልም፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱ ምን አጠፋ ወደሚለው ጥያቄ እንመለሳለን።

ለዚህ ጥያቄ መነሻው አንቀጽ 2028 ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ጉዳቱን ይክሳል። አንቀጽ 2029 እንደሚለው ደግሞ ማድረግ የሚገባውን አለማድረግም ጥፋት ነው። በምሳሌው ውስጥ ሁለት ግድፈቶች አሉ፤ አንዱ የተረኞቹ አለመኖር፣ ሌላው የክምሩ አለመነሳት። ከሁለቱ ለከሳሹ ወላጅ ይበልጥ የሚያግዘው ሁለተኛው ይመስለኛል። ድንገተኛ ግፊያ በቅጽበት ስለሚያልቅ፣ ተከሳሹ «መምህሩ አምስት ሜትር ላይ ቆሞ ቢሆን እንኳ አያስቆመውም ነበር» ብሎ በጥፋቱና በጉዳቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ሊያፈርስ ይችላል። ለሁለት ሳምንት ልጆች ሲወጡበትና ሲወርዱበት የነበረ ፌሮ ግን ድንገተኛ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ አይቶታል፣ ወይም ማየት ነበረበት፤ ለማንሳትም ሆነ ለማጠር በቂ ጊዜ ነበረው። ስለዚህ መምህር አለመኖሩ ብቻውን ሙሉ ኃላፊነት ያመጣል የሚለው አባባላችን ፍርድ ቤት ፊት የሚጸና አይደለም።

ስለ ሕፃናቱም አንድ ነገር ልበል። አንቀጽ 2030 ጥፋት በመርሕ ደረጃ ዕድሜ ሳይታይ እንደሚመዘን ስለሚያመለክት፣ ሕፃን ጥፋተኛ አይባልም ብሎ በደፈናው መከራከር አይቻልም። ትምህርት ቤቱም አንቀጽ 2098ን ጠቅሶ «ተጎጂው ራሱ ክምሩ ላይ ወጥቷል» በማለት ካሳው እንዲቀነስ ሊጠይቅ ይችላል። የ9 ዓመት ልጅ ባልታጠረ ክምር ላይ ቢወጣ ትልቁ ጥፋት ክምሩን ባላነሳው ወገን ላይ መውደቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለሁሉም ዳኞች ግን ዋስ መሆን አልችልም።

መምህር ግርማ፦ እኔ የምፈራው ይህ ሁሉ በመጨረሻ በተረኛው መምህር ላይ እንዳያርፍ ነው። በምሳሌው ውስጥ ተረኞቹ የጠፉት በራሳቸው ፈቃድ ሳይሆን ርዕሰ መምህሩ ስለጠራቸው ነው። ደግሞስ የዕረፍት ሰዓት ለመምህሩም ዕረፍቱ ነው፤ ሁለት ሰው ስንት መቶ ልጅ ሊጠብቅ ይችላል?

የማክዳ እናት፦ መምህር፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት አንቀጽ 2126 የሥራ ጥፋትን ከግል ጥፋት ይለያል። መምህሩ በቅን ልቦና ሥራውን እየሠራ የፈጸመው ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት በኋላ ወደ መምህሩ የመመለስ መብት ስላለው ግን ሥጋቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በግል ትምህርት ቤት አንቀጽ 2129 ድርጅቱን በሠራተኛው የሥራ ጥፋት ኃላፊ ያደርገዋል። በሁለቱም ዘንድ መምህሩን የሚከላከልለት በስብሰባው ምክንያት ከተረኝነት መነሣቱን የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ክርክር ሲመጣ ይካዳል።

የናሆም አባት፦ ይቅርታ አድርጉልኝና የእኔ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ልጄ ባለፈው ዓመት በሌላ ትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት ወድቆ ሁለት የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ካሳ ስጠይቅ ልጄን ሳስመዘግብ የፈረምኩትን ቅጽ አወጡ፤ «በዕረፍት ሰዓት ለሚደርስ ጉዳት ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ፈርሜያለሁና ዝም አልኩ። የልጁ ሥቃይ ግን ዛሬም ይቆጨኛል፤ አሁን ቢያንስ የሞራል ካሳ ብዙ ገንዘብ መጠየቅ አልችልም?

የማክዳ እናት፦ ወንድሜ፣ ቅጹን ስላዩ ብቻ መተው አልነበረብዎትም። በአንቀጽ 2147 መሠረት ማንም በራሱ ጥፋት ከሚመጣ ኃላፊነት አስቀድሞ ራሱን ነጻ ማድረግ አይችልም። ከጉዳቱ በኋላ ገንዘብ ተቀብለው የእርቅ ስምምነት ፈርመው ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነውና ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል። የሞራል ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1000 ብር ሊበልጥ ስለማይችል ተስፋዎን እዚያ ላይ አይጣሉ፤ የሚያዋጣው የሕክምና ወጪውንና ጥርሶቹ ወደፊት የሚጠይቁትን ወጪ በሐኪም ማስረጃ ማስደገፍ ነው። ከሁሉ በላይ አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚያስቀምጥ፣ ቀኑን ዛሬውኑ ይቁጠሩ።

አቶ በላይ፦ የያዝኩት ሐሳብ ጎዶሎ እንደነበር ተረድቻለሁ። ቢሆንም ለወላጅ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ክምሩን በማግስቱ ቢያነሱት በምን ያሳያል?

የማክዳ እናት፦ የማስረዳት ሸክሙ በአንቀጽ 2141 የከሳሹ ስለሆነ ጥያቄው ዋናው ነው። በዚያው ዕለት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ አደጋው እንዴት እንደደረሰ የሚገልጽ የሐኪም ካርድ፣ ያዩ ልጆችና የጥበቃ ሠራተኛው ምስክርነት ይረዳሉ። ሁሉም ወላጅ ግን ይህን በሰዓቱ አያስብም። ስለዚህ ሐሳባችን ትምህርት ቤቱ ራሱ መዝገብ እንዲይዝ ቢጠይቅ ይሻላል።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦ ቁጥር ሦስትን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ትምህርት ቤቱ የዕረፍት ሰዓት ተረኞችን ስም በየሳምንቱ በጽሑፍ ይለጥፋል፤ ተረኛን ለሌላ ሥራ የሚጠራ ኃላፊ ምትኩን በጽሑፍ ይመድባል። በሳምንት አንድ ጊዜ ግቢው ተፈትሾ የተገኘው አደገኛ ነገርና የተነሣበት ቀን ይመዘገባል። ጉዳት ሲደርስ በዚያው ዕለት መዝገብ ተሞልቶ ቅጂው ለወላጅ ይሰጣል። ኃላፊነትን የሚያስቀር ሐረግ ከመመዝገቢያ ቅጾች ይወጣል።» «ሙሉ ኃላፊ ነው» የሚለውን አውጥቼዋለሁ።

መምህር ግርማ፦ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የተረኝነት ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር የሚል ካልተጨመረበት መምህራኑ አይፈርሙም። እኔም አልፈርምም።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦ ይህ የበጀት ጥያቄ ስለሆነ ብቻዬን ልጨምረው አልችልም። እስከ ዓርብ ድረስ በመምህር ግርማ ሐሳብ ላይ ድምፃችሁን ስጡ፤ ሌላው የቁጥር ሦስት ይዘት እንደ ጸደቀ እይዘዋለሁ።