በሬዲዮ የሚነበብ የጤና መልስ፦ ቁጥሩንና ምሕጻረ ቃሉን እንዴት ልጻፈው?

ነርሷ፦
የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። አድማጮች ለአካባቢያችን የሬዲዮ ጣቢያ ለሚልኳቸው ጥያቄዎች መልስ እየጻፍኩ እልካለሁ፤ የሚያነበው የጤና ባለሙያ ያልሆነ አቅራቢ ነው። ባለፈው የ3 ዓመት ልጇ ተቅማጥ ለያዘው እናት የላክሁትን ሲያነብ «1/2 የሻይ ማንኪያ ጨው» የሚለውን «አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው» ብሎ አለፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይነበባልና ከመላኬ በፊት አስተካክሉልኝ። ጽሑፉ ይህ ነው፦

«1 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊ. ንጹህ ውኃ ይበጥበጥ። ከሌለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና 1/2 የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊ. ውኃ። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ 100-200 ሚ.ሊ ይሰጠው። ዚንክ 20 ሚ.ግ በቀን 1x ለ10-14 ቀን። የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። ጤና ጣቢያው ከ2:30-11:30 ክፍት ነው። ለበለጠ መረጃ 952።»

የሒሳብ መምህር፦
መፍትሔው ቀላል ነው። አንድም አኃዝ አታስቀሪ፣ ሁሉንም በፊደል ጻፊው። «አንድ ሁለተኛ የሻይ ማንኪያ»፣ «ሃያ ሚሊ ግራም»፣ «ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት»። አንባቢው ፊደሉን ካየ የሚሳሳትበት ነገር አይኖርም።

ነባር ዜና አንባቢ፦
መምህሩ መንገዱን ይዘውታል፣ ግን ግማሹን ነው የሄዱት። በፊደል የተጻፈ ሁሉ ለጆሮ የተጻፈ አይደለም። «አንድ ሁለተኛ» ትክክል ነው፤ ሆኖም አቅራቢው ትንሽ ትንፋሽ ካጠረው «አንድ» ካለ በኋላ ያርፋል፣ ቤት ያለችው እናትም አንድ ማንኪያ ጨው ትጨምራለች። እናቶች በወጥ ቤታቸው «ግማሽ» ነው የሚሉት፤ «ግማሽ» ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አይነበብም። «ሩብ» እና «ተኩል»ም እንዲሁ ናቸው። ለምሳሌ 1.5 ሊትር «አንድ ሊትር ተኩል» ይባላል እንጂ «አንድ ነጥብ አምስት» ለሬዲዮ አይሆንም።

ነርሷ፣ ጨው ላይ መስጋትዎ ተገቢ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ግማሹ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ማንኪያ ቢያድግ ጨው በዝቶበት ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ስኳሩ ላይ ማንኪያ ቢሳሳት ግን ጉዳቱ እንደዚያ አይከፋም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አያጉሯቸው። መጀመሪያ ዕቃው ይጠራ፣ ልኩ ይከተል፦ «ስኳሩ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። ጨው ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው።» አድማጩ «ጨው» የሚለውን ሲሰማ ጆሮውን ያዘጋጃል፤ ቁጥሩ ቀድሞ ከመጣ ግን የምን ልክ እንደሆነ ሳያውቅ ያልፈዋል። ቀጥሎ ጨውን ይድገሙት። ድግግሞሽ በጽሑፍ ያስጠላል፣ በሬዲዮ ግን አድማጩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያነብ አይችልም።

«ስድስት»ንም እንዲሁ አይለፉት። ሞገዱ ሲንሿሿ «ስድስት» ከ«ስድሳ»፣ «ሰባት» ከ«ሰባ»፣ «ዘጠኝ» ከ«ዘጠና» ጋር ይምታታል። ስድሳ ማንኪያ ስኳር ማንም አይጨምርም፤ የክኒን ቁጥር ሲሆን ግን መጠርጠር ይገባል።

የእድር ጸሐፊ፦
እኔም የተቸገርኩት በዚሁ ነው። በስብሰባ ላይ የአባላትን ስም የማነበው እኔ ነኝ። «ወ/ገብርኤል» ተብሎ ከተጻፈ ወልደ ገብርኤል ነው ወይስ ወለተ ገብርኤል? «ተ/ማርያም»ስ ተክለ ነው ወይስ ተስፋ? ሰው ፊት ቆሞ ስም ማበላሸት እጅግ ያሳፍራል። መዝገቡ ላይ ሙሉ ስም ይጻፍ ብዬ ደጋግሜ ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም።

ነባር ዜና አንባቢ፦
የእርስዎ ጉዳይ ከጨዉ ትንሽ ይርቃል፤ ግን ለነርሷም ይጠቅማል፣ ጠያቂዋን በስም የሚጠሩ ከሆነ። «ወ/ሮ» እና «ወ/ሪት» መጨረሻቸው ብቻ ነው የሚለያቸው፣ በጥድፊያ ያነበበ ወይዘሪቷን ወይዘሮ ያደርጋታል። ሙሉውን ይጻፉ። «ወ/» የሚለውን ስም ግን ባለቤቱን ጠይቆ ከማረጋገጥ ሌላ መላ የለውም፣ ለአንባቢውም በግምት አይተውለት።

ወደ ምሕጻረ ቃላቱ ልመለስ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። «ዓ.ም.» ያየ ሁሉ ዓመተ ምሕረት ይላል፤ «ተመድ» እና «ኢዜአ» እንደ ቃል ይነበባሉ፣ ቢዘረዘሩ እንዲያውም ያደናግራሉ። «ሚ.ሊ» እና «ሚ.ግ» ግን አደገኞች ናቸው፤ የሚለያቸው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ስሕተት መሆኑን አያስተውልም። ሚሊ ሊትር፣ ሚሊ ግራም ብለው ይዘርዝሩ። «ኦ.አር.ኤስ» በነጥብ ከተጻፈ አቅራቢው በየነጥቡ ያርፋል፤ ነጥቡን አውጥተው «ኦአርኤስ» ይበሉት፣ አስቀድመው ግን «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ብለው ይጥሩት።

ማየት የተሳናት አድማጭ፦
እኔ ጽሑፍ የማነበው በስልኬ የንባብ ድምፅ ነው። ጣቢያዎች መልሱን በቴሌግራም ሲያወጡትም ያው በአኃዝና በነጥብ የታጨቀው ጽሑፍ ይደርሰኛል። የእኔ ስልክ በ«ሚ.ሊ» መካከል ዓረፍተ ነገሩ ያለቀ ይመስል ያቆማል፤ ሰረዟን ደግሞ ዝም ብሎ ይዘላታል፤ ስለዚህ «100-200» የሚለው «መቶ ሁለት መቶ» ሆኖ ይሰማኛል። «ከመቶ እስከ ሁለት መቶ» ቢባል ሰውም ማሽንም በትክክል ያነበዋል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመተ ምሕረትማ ከነጭራሹ ሳይነበብ የሚታለፍበት ጊዜ አለ።

ስልክ ቁጥር ላይ ከመምህሩ ጋር አልስማማም። «ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት» ተብሎ ሲነበብ ልክ እንደ ዋጋ ነው የምሰማው። ረጅሙ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፦ «ሃያ ሦስት» ሲባል ሁለትና ሦስት ልጻፍ ወይስ ሁለት፣ ዜሮና ሦስት? በአኃዝ በአኃዝ ይባልልን፦ «ዘጠኝ፣ አምስት፣ ሁለት»።

የሒሳብ መምህር፦
በስልክ ቁጥሩ ተረትቻለሁ። ግን «ግማሽ» ከ«አንድ ሁለተኛ» ይሻላል የሚለውን አልቀበልም፤ «ግማሽ» ሲባል ሰው በዓይኑ ገምቶ ያፈሳል፣ «አንድ ሁለተኛ» ሲባል ግን ይለካል።

ነባር ዜና አንባቢ፦
የሚለካው «በማንኪያው ጠርዝ ልክ የተስተካከለ» የሚል ሲጨመርበት ነው፣ ለስኳሩም ለጨዉም። ይህ በነርሷ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ክምር ማንኪያና የተስተካከለ ማንኪያ ደግሞ እጅግ ይለያያሉ።

ከዋሽንግተን አካባቢ፦
እዚህ ባለን የአማርኛ ዝግጅት ላይ የሚያስቸግረን ሰዓቱ ነው። «8:00» ተብሎ ሲመጣልን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሁን በዚህ አገር አቆጣጠር የማታው ሁለት ሰዓት፣ አንባቢው አያውቅም። የእናንተም «ከ2:30-11:30» ጠዋት ወይም ማታ አይልም። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል» ብትሉት ያበቃለታል። ቀንም በአኃዝ ብቻ ከተጻፈ እንዲሁ ነው፤ «12/06» የካቲት አሥራ ሁለት ነው ወይስ የፈረንጆቹ ሰኔ?

ነባር ዜና አንባቢ፦
«በ24 ሰዓት ውስጥ»ም ለጆሮ ከባድ ነው። በእኛ የሰዓት ጥሪ ከአሥራ ሁለት የሚያልፍ የለምና እናቲቱ መቁጠር ትጀምራለች። «ዛሬ የበጠበጡት ነገ በዚህ ሰዓት ካላለቀ ይድፉት» ይበሏት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቁጥር ባይሆንም ከዚሁ ጽሑፍ ነው። «ይደፋ» እና «ይሰጠው» የሚጠብቁትና የሚላሉት ፊደላት በጽሑፍ አይታዩም፤ አንባቢው ከመሃል ቃሉን አላልቶ ካነበበው ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከሉ አይቀርም፣ በዚያ መሃል የሚቀጥለው ቁጥር ይበላሻል። እናቲቱን በቀጥታ ያናግሯት፦ «ይስጡት»፣ «ይድፉት»። ይህ ጥርጥር የለውም።

ነርሷ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ ጻፍኩት፦

«እናቴ፣ አንዱን ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦአርኤስ፣ በአንድ ሊትር ንጹህ ውኃ ይበጥብጡት። ኦአርኤስ ካላገኙ በአንድ ሊትር ንጹህ ውኃ ስኳርና ጨው ይበጥብጡ። ስኳሩ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። ጨው ግን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። እደግመዋለሁ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ማንኪያው ክምር አይሁን፣ በጠርዙ ልክ ይስተካከል። ልጅዎ ባስቀመጠው ቁጥር ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ቀስ እያሉ ይስጡት። ዛሬ የበጠበጡት ነገ በዚህ ሰዓት ካላለቀ ይድፉት። ዚንክ የሚባለውን ባለ ሃያ ሚሊ ግራም ክኒን በቀን አንድ ጊዜ፣ አንድ ክኒን ይስጡት። ተቅማጡ ቢቆምም ቢያንስ አሥር ቀን ይውሰድ፣ ከአሥራ አራት ቀን ግን አይለፍ። ጤና ጣቢያችን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ለበለጠ መረጃ ወደ ዘጠኝ፣ አምስት፣ ሁለት ይደውሉ።»

ማየት የተሳናት አድማጭ፦
በስልኬ አስነበብኩት፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ለቴሌግራሙ ግን ስልክ ቁጥሩን በአኃዝም ይጨምሩት፤ በጣቱ ነክቶ የሚደውል አለ።

ነባር ዜና አንባቢ፦
ለአቅራቢው የሚሰጠው ወረቀት ላይ ግን ሁለቱንም አያድርጉ፤ «ግማሽ (1/2)» ካዩ ዓይናቸው ወደ አኃዙ ይሄዳል፣ ነገሩም ወደነበረበት ይመለሳል። ሁለት ቅጂ ይሁን። እናትን «እናቴ» ማለቱም ወጣት እናት ካለች ያስቃልና «እህቴ» ይሻላል።

የእድር ጸሐፊ፦
«ብርጭቆ»ው የትኛው ነው? የሻይ ብርጭቆና የውኃ ብርጭቆ አይመጣጠኑም። በእኛ ሰፈር ብርጭቆ ሲባል የሻዩ ነው።

ነርሷ፦
እኔ ያሰብኩት ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘውን የውኃ ብርጭቆ ነበር። በጤና ጣቢያው ያሉት ባልደረቦቼ ደግሞ አንዷ «ሲኒ ይሻላል» ትላለች፣ ሌላው «ሚሊ ሊትሩን ተዉት፣ ልጁ እስከጠጣ ይስጡት በሉ» ይላል። ገና አልተስማማንም።