የኪችን ካቢኔት የጋራ ማስታወቂያ፦ ለቅዳሜ ስብሰባ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ይኸው። ከማኅበሩ 30,000 ብር ይውጣ። ቪዲዮአችንን ላዩና ድረ ገጻችንን ለከፈቱ ሰዎች ብቻ በፌስቡክና በኢንስታግራም ማስታወቂያ ይለቀቅ። በቱሉ ዲምቱና በቆዬ ፈጬ ቤቱን ተረክቦ ገና ካቢኔት ያላስገጠመ ብዙ ሰው አለ። ካቢኔት ደግሞ አንድ ቀን ታይቶ አይታዘዝም። ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ያማክራል፣ ይረሳናል። ሳይረሳን እንመለስበት ነው የምለው።

ብረት በር ሠሪው፦ ጥሩ ሐሳብ ነው። የተመልካቾቹ ስልክ ቁጥር ከወጣልን እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እደውላለሁ።

ገጹን የምትይዘው፦ ስልክም ስምም አይወጣም ጋሼ። ማስታወቂያውን ፌስቡክ ራሱ ያሳያቸዋል እንጂ እነማን እንደሆኑ አይነግረንም።

እኔን ያሳሰበኝ ብዛታቸው ነው። ትናንት ገጹን ከፍቼ አየሁ። ቪዲዮው 9,200 ጊዜ ታይቷል ይላል። ይህ የሰው ቁጥር አይደለም፤ አንዱ ሦስቴ ቢያየው ሦስት ነው። ደግሞ 3 ሰከንድ ያየም ተቆጥሯል፣ ጣቱ እያለፈ ማለት ነው። ግማሹን ያየው 480 ሰው ብቻ ነው። ድረ ገጹን ባለፉት 30 ቀናት የከፈቱት 260 ናቸው። ከእነሱም ፌስቡክ ለይቶ የሚያውቃቸው ከፊሎቹን ነው። በስልኩ ማሰሻ ፌስቡክ ያልከፈተ ሰው ያመልጠዋል። ከ2021 ወዲህ አይፎን ላይ «አትከታተሉኝ» ያለም እንዲሁ። ሁለቱን ብንደምር 700 አይሞላም። ለ700 ሰው 30,000 ብር ብዙ ነው።

ሶፋ ሠሪው፦ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ቪዲዮዬን ላዩ 400 ለሚሆኑ ሰዎች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ከፈልኩ። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ዘጠኝ ሰው ጻፈልኝ። በቀሩት አሥር ቀናት አንድ ብቻ። አንዲት ሴትማ «ወንድሜ፣ ሶፋውን በቃኝ» ብላ ጻፈች። ምን አጥፍቼ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ገጹን የምትይዘው፦ የላክልኝን ስክሪንሹት አየሁት። የደረስከው 310 ሰው ነው። ማስታወቂያው የታየው 4,340 ጊዜ። አካፍለው፦ ለአንድ ሰው 14 ጊዜ። `Frequency` የሚለው ቦታ ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው። `Reach` በአራተኛው ቀን 310 ላይ ቆሟል፣ ወጪው ግን ቀጥሏል። ሰዉ አልቋል ማለት ነው። ሶፋህ ምንም አልጎደለውም።

ወጣቱ አናጺ፦ መፍትሔ አለው እኮ። 100 ሰው ካለን ፌስቡክ እነሱን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎችን ይፈልግልናል።

ገጹን የምትይዘው፦ ከአንድ አገር 100 ሰው ይበቃል፣ ልክ ነህ። ግን እነዚያ 100 እነማን ናቸው? እኛ 16 አባላት ነን። ሠራተኞቻችን፣ ዘመዶቻችን፣ ዋጋችንን ሊያይ የገባ ሌላ ወርክሾፕ አለ። ቡድኑ ትንሽ ሲሆን የእኛው ሰው ሩቡን ሊይዝ ይችላል። ያኔ ፌስቡክ የሚያመጣልን አናጺ የሚመስል ሰው ነው፣ ካቢኔት የሚያሠራ አይደለም።

ሒሳብ ያዧ፦ የቴሌግራም ቻናሌ 2,300 ሰው አለው። ቪዲዮውን እዚያ ብለጥፈውስ?

ገጹን የምትይዘው፦ እትዬ፣ ቴሌግራም ላይ ያየውን ሰው ፌስቡክ አይቆጥረውም። ከቪዲዮው ይልቅ የድረ ገጹን ሊንክ ለጥፊው። ሊንኩን የነካ ሰው ይገባልናል፣ ሁሉም ባይሆንም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። 24,000 ብሩ ቪዲዮውን አይተውት ለማያውቁ ይዋል፤ ካርታው ላይ በቱሉ ዲምቱና በቆዬ ፈጬ ዙሪያ ብቻ። 6,000 ብሩ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለመመለሻው። ግማሹን ያዩትንና ድረ ገጹን የከፈቱትን በአንድ ቡድን እናድርጋቸው። አንድ ሰው በቡድኑ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 60 ቀን እናስረዝመው። ዕድሜና ፍላጎት አንምረጥ፣ ያለችውን ትንሽ ቡድን መልሶ ይቆርጣታል። አስቀድመው የጻፉልን ይውጡ። በሳምንት ለአንድ ሰው ከ4 ጊዜ ካለፈ ቪዲዮውን እንቀይር ወይ እናቁም።

ብረት በር ሠሪው፦ በየገጻችን ለየብቻ ብንሠራውስ? የእኔን ገጽ ማጣት አልፈልግም።

ገጹን የምትይዘው፦ ገጽዎን አያጡም ጋሼ። ለየብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዳችን 40 ወይ 50 ሰው ነው የሚኖረን። በዚያ ማስታወቂያው ላይሄድም ይችላል። ለማኅበሩ ገጽዎ ላይ ፈቃድ ከሰጡ የእርስዎን ቪዲዮ ያዩትም አብረው ይገባሉ።

ሒሳብ ያዧ፦ እሺ፣ የጻፈልንን ሰው ማን ይወስደዋል? በተራ ነው ወይስ በቅርበት? ይህ ሳይጻፍ ገንዘቡን አልፈርምም።

ጸሐፊው፦ ክፍፍሉን 24 እና 6 ብዬ ረቂቁን አስተካክያለሁ። የደንበኛ አደላደሉን ባዶ ትቼዋለሁ። ሁለቱንም ሐሳብ ጽፋችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።